15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል፣ 32 ስላይድ አለኝ

*ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ የምሠራ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ቤት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ላይ ስለሚራባው ትንኝ ያጠናነውን በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዓውደ ጥናት ላይ አቀርባለሁ። የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው፤ ለጥያቄ ለብቻው 5 ደቂቃ ተይዟል። ያዘጋጀሁት ግን 32 ስላይድ ነው። አለቃዬ «አንድ ስላይድ አንድ ደቂቃ ነው፣ 15 አድርጊው» አለኝ። አንዱንም መጣል ስላልቻልኩ ሁለት ሁለቱን እያጣመርኩ 17 አደረስኩት። ጮክ ብዬ ስሞክረው ግን አሁንም 27 ደቂቃ ይፈጃል። ስላይዶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የማብራራው በአማርኛ ነው። ፋይሉን ልኬልዎታለሁ። አቦ፣ ከየት ልጀምር?*

*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

እህቴ፣ ፋይልሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ሥራው ጥሩ ነው። 27 ደቂቃ የሚፈጀው ለምን እንደሆነም ስላይዶቹ ላይ በግልጽ ይታያል።

ስታጣምሪ የቀነሰው የስላይዱ ቁጥር ነው እንጂ የምትናገሪው ነገር አይደለም። ሁለት ስላይድ ላይ የነበረው ስምንት ነጥብ አንድ ላይ ሲሆን ያው ስምንት ነጥብ ነው። እንዲያውም ይብሳል። ፊደሉ ያንሳል፣ ተሰብሳቢው ለማንበብ ይቸገራል፣ አንቺም የቱ ነጥብ ላይ እንዳለሽ ለማሳየት ተጨማሪ ጊዜ ታጠፊያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ያጣመርሻቸውን ፍቺያቸው። የሚቆጠረው ሰከንድ ነው፤ የስላይዱን ቁጥር ለጊዜው ተዪው።

አለቃሽ የነገረሽ ልማድ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። ስላይዶቹ ሁሉ ተመሳሳይ ቢሆኑ ኖሮ ይሠራ ነበር። ያንቺ ግን አይመሳሰሉም። በርሜል ውስጥ በባትሪ መብራት እጭ የምትፈልጉበት ፎቶ አለ። እሱን 20 ሰከንድ ካሳየሽው ይበቃል፤ ሰው አይቶ ይገባዋል። ስላይድ 14 ደግሞ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ታች አምስት የዕቃ ዓይነት አለው፦ በርሜል፣ ጄሪካን፣ ሮቶ፣ ያረጀ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ። ወደ ጎን አራት ቀበሌ። ያ ማለት ሃያ ቁጥር ነው። ረድፉ ምን እንደሆነ፣ ዓምዱ ምን እንደሆነ፣ ቁጥሩ መቶኛ ይሁን ቆጠራ ሳትናገሪ ወደ ፍሬ ነገሩ መግባት አትችዪም። እሱን ስትጨርሺ ደግሞ እያንዳንዱን ረድፍ ማንበብ ይመጣል። ይህ አንድ ስላይድ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢበላ አይገርመኝም። ፎቶውም ሠንጠረዡም በአለቃሽ ቆጠራ «አንድ አንድ» ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለሽን ጊዜ በትክክል እንወቅ። 15 ደቂቃ 900 ሰከንድ ነው። ግን 900ውም ያንቺ አይደለም። የመድረክ መሪው ስምሽን ጠርቶ፣ አንቺ ከወንበርሽ ተነስተሽ፣ ፋይሉ ተከፍቶ፣ ፕሮጀክተሩ ምስሉን እስኪያመጣ አንድ ደቂቃ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰላምታ አለ። «የተከበሩ»፣ «የተከበራችሁ» እየተባለ እንግዶች በየማዕረጋቸው ይጠራሉ። ይህን መተው ነውር ስለሚሆን ተዪው አልልሽም። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሺውና 30 ሰከንድ መድቢለት። ከዚያ ከጠቅላላው አንድ አስረኛውን፣ ማለትም 90 ሰከንድ፣ ለመጠባበቂያ አስቀምጪ። ይህ ለሳል፣ ለማይክራፎን፣ በመሃል ለሚያቋርጥ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ፊት ስትቆሚ ትዝ ብሎሽ ለምትጨምሪው ነገር ነው። መድረክ ላይ የማይጨምር ሰው የለም።

900 ሲቀነስ 60፣ ሲቀነስ 30፣ ሲቀነስ 90፣ 720 ይሆናል። እውነተኛ ጊዜሽ 12 ደቂቃ ነው። ልምምድሽ ላይ 15 ደቂቃ ከደረስሽ ያኔም አልፈሻል ማለት ነው።

አሁን የስላይድሽን ዋጋ እንለካ። 32ቱንም መለካት አያስፈልግም። ሦስት ምረጪ፦ አንድ ፎቶ፣ አንድ ጽሑፍ ያለበት፣ አንድ ግራፍ። ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ ሰው እንዳለ አስመስለሽ ተናገሪ። የስልክሽን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሚ። በልብ ማንበብ አይቆጠርም፣ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሞክሪና የሁለተኛውን ውጤት ያዢ። የመጀመሪያው ላይ ቃል ስለምትፈልጊ ይረዝማል። ኢንተርኔት ላይ «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚል ስሌት ታገኛለሽ። እሱን ለአማርኛ አትጠቀሚ፤ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው፣ የእኛ አንድ ቃል አንዳንዴ የእነሱን ሦስት አራት ቃል ይሸከማል። የራስሽ አፍ መለኪያሽ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚወጣው ይህን ይመስላል። ፎቶ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ። አንድ ሐሳብ ብቻ ያለው ጽሑፍ ከ45 እስከ 80። ግራፍ 100 አካባቢ፣ ምክንያቱም ግራፍ ላይ አራት ነገር ትናገሪያለሽ፦ ታች ያለው መስመር ምን እንደሆነ፣ ጎን ያለው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚመለከቱ፣ ያዩት ምን ማለት እንደሆነ። ሠንጠረዥ ከዚያ በላይ። በነጥብ በነጥብ እየተጫነ የሚመጣ ስላይድ ካለሽ፣ እያንዳንዱን ነጥብ እንደ አንድ ትንሽ ስላይድ ቁጠሪው።

ያንቺ ቁጥር ግን ከዚህ ከፍ ብሎ ይወጣል ብዬ እገምታለሁ። ምክንያቱ ቋንቋው ነው። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ሳታስቢው መጀመሪያ የተጻፈውን ታነቢያለሽ፣ ከዚያ «ይህ ማለት…» ብለሽ በአማርኛ ትደግሚዋለሽ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነው። ተሰብሳቢውም ዓይኑ እንግሊዝኛውን እያነበበ ጆሮው አማርኛውን ስለሚሰማ ሁለቱንም በግማሽ ይዞ ይቀራል። በየስላይዱ አናት ላይ ያለውን ርዕስ በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጊው። «Results» ከማለት «እጭ የተገኘው አብዛኛው በርሜል ውስጥ ነው» በዪ። ከሥር ያለውን የእንግሊዝኛ ነጥብ አጥፊና በቃልሽ ተናገሪው። ይህ ብቻ ብዙ ደቂቃ ያተርፍልሻል። የስብሰባው ኮምፒውተር የአማርኛ ፎንትሽን ላያውቀው ስለሚችል ፋይሉን በPDFም አስቀምጪ።

ቢሆንም ከ27 ወደ 12 ለመውረድ ከግማሽ በላዩን መጣል አለብሽ። ይህን ያህል የሚቀነሰው ከየስላይዱ ቃል ቃል እየለቀሙ አይደለም። ከየስላይዱ ትንሽ ትንሽ የቆረጠ ሰው ያው 32 ሐሳብ ይዞ፣ ሁሉንም በሩጫ ይናገራል። ክፍል ክፍሉን ነው መጣል ያለብሽ።

ለዚህ አንድ ነገር ጻፊ። አቅርበሽ ስትወርዲ ሰዎቹ ለሥራ ባልደረባቸው ምን ብለው እንዲነግሩልሽ ትፈልጊያለሽ? ፋይልሽን አይቼ እኔ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ትንኙ በብዛት የሚራባው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው በሚያጠራቅምበት በርሜል ውስጥ ነው፤ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ ግድግዳውን መፈግፈግና መክደን ያስፈልጋል።» ካልተስማማሽ የራስሽን ጻፊ፤ ግን ከሁለት መስመር አይብለጥ። ከዚያ እያንዳንዱን ስላይድ አንስተሽ ጠይቂ፦ ይህ ባይኖር ያ ዓረፍተ ነገር ይወድቃል? የማይወድቅ ከሆነ ስላይዱ ይወጣል።

በዚህ ሚዛን የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ስላይዶች ተመልከቺ። ደንጌ በዓለም ላይ፣ ደንጌ በአፍሪካ፣ የቫይረሱ አራት ዓይነቶች፣ የድሬዳዋ ካርታ፣ የአየር ጠባይ፣ የሕዝብ ብዛት፣ ቀደም ያሉ ጥናቶች። ውጤትሽ ሳይነካ ጊዜሽ አንድ ሦስተኛ ያልቃል። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት የድሬ ሰዎች ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጌ ሲገባ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው ያዩ፣ ብዙዎቹም በገዛ መገጣጠሚያቸው ያወቁት ናቸው። ደቻቱ የት እንዳለ በካርታ ማሳየት አይጠበቅብሽም። «በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ መጣብን። ሁለቱንም ያመጣችው አንዷ ኤደስ ትንኝ ናት። የት ነው የምትራባው?» በዪ። ዘጠኙ ስላይድ በ45 ሰከንድ አለቀ። ይህንኑ ሥራ አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር ብታቀርቢው ግን ካርታውን መመለስ ይኖርብሻል። የሚጣለውን የሚወስነው ተሰብሳቢው ነው።

ቀጥሎ ሦስቱ መለኪያዎች። የቤት ኢንዴክስ፣ የዕቃ ኢንዴክስ፣ የብሬቶ ኢንዴክስ፤ ለእያንዳንዱ አንድ የትርጉም ስላይድ፣ አንድ የውጤት ስላይድ። ስድስት ስላይድ ማለት ነው። ሁሉንም ማስላትሽ ተገቢ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ይኑሩ። ለ12 ደቂቃ ግን አንዱ ይበቃል። እኔ ብሬቶን እመርጥልሻለሁ፤ ቤቱንም ዕቃውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ። ትርጉሙም በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፦ «100 ቤት ብንገባ እጭ ያለበት ስንት ዕቃ እናገኛለን?» የትርጉም ስላይድ አያስፈልገውም። የቀሩትን ሁለቱን ሰው ከጠየቀ ትመልሺያለሽ።

ስላይድ 14፣ ያ ሃያ ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ፣ ወደ ግራፍ ይቀየር። አምስት ዘንግ ብቻ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ የተደረደሩ፣ በርሜሉ በቀይ፣ ሌሎቹ በግራጫ። የቀበሌው ልዩነት በብሬቶው ግራፍ ላይ ስለሚታይ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

የናሙና ቀመሩ፣ የቃላት ፍቺው፣ የምስጋናው ዝርዝርና «Thank You» የሚለው ስላይድ ይውጡ። ምስጋናውን በአፍሽ ተናገሪው።

አንድ ነገር ግን እንዳትነኪብኝ። ሰው ጊዜ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚጥለው «የጥናቱ ውስንነት» የሚለውን ነው። አንቺ ቆጠራውን ያደረግሽው በአንድ ወቅት ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጎማና ሜዳ ላይ የተጣለ ዕቃ ውሃ ይይዛል፣ በርሜሉ ያለው ድርሻም ሊቀየር ይችላል። ይህን ካልተናገርሽ ተሰብሳቢው ውጤቱን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ አድርጎ ይወስደዋል፣ የዘመቻ በጀትም በዚያ ይያዝበታል። 40 ሰከንድ ነው፣ ይቆይ።

እንግዲህ የቀረውን እንደምር። ርዕሱ 15 ሰከንድ። ጥያቄው 45። ቤት ለቤት እንዴት እንደፈለጋችሁ የሚያሳዩ ሦስት ፎቶዎች፣ እያንዳንዱ 20፣ በድምሩ 60። የበርሜሉ ፎቶ በቅርበት 40። የዕቃዎቹ ግራፍ 100። የብሬቶ ግራፍ በየቀበሌው 100። እዚህ ላይ ስትደርሺ 360 ሰከንድ፣ ልክ ግማሹ ነው። ቀጥሎ መድፋት ብቻ ለምን እንደማይበቃ የሚያሳየው 80፤ ትንኟ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ስለምትለጥፍ፣ እንቁላሉም ደርቆ ወራት ስለሚቆይ፣ ውሃ ሲመለስ ይፈለፈላል። ይህ ስላይድ የሥራሽ ልብ ነውና አትቸኩዪበት። ሰዎች በርሜላቸውን ለምን እንደማይከድኑ የነገሩሽ 80። ሁለቱ ምክረ ሐሳቦች እያንዳንዳቸው 75። ውስንነቱ 40። መጨረሻ ላይ ያ ባለ ሁለት መስመር ዓረፍተ ነገር 10 ሰከንድ። ድምሩ 720።

ስላይዶቹን ብትቆጥሪያቸው 14 ናቸው። ጊዜሽ ግን 12 ደቂቃ ነው። ሦስቱን ፎቶ አንድ ስላይድ ላይ ብትሰበስቢ 12 ይሆናል፣ ሰከንዱ ግን ያው ነው። ለአለቃሽም ይህንን አሳዪው። ወረቀት ላይ ከየስላይዱ ጎን ሰከንዱን ጽፈሽ ብታመጪለት ስለ ቁጥሩ የሚከራከርሽ አይመስለኝም።

ይህ ግምት ነው። አሁን ሙሉውን መለካት አለብሽ። ፓወርፖይንት ላይ Slide Show የሚለውን ከፍተሽ Rehearse Timings ተጫኚ። ስትናገሪ እሱ እያንዳንዱን ስላይድ ይቆጥራል። ስትጨርሺ ጊዜው ይቀመጥ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። አዎ በዪው። ከዚያ Slide Sorter ውስጥ በየስላይዱ ሥር ሰከንዱ ተጽፎ ታገኛለሽ። ከግምትሽ ጋር አስተያዪው። አንድ ስላይድ 80 ተገምቶ 130 ከወጣ፣ ችግሩ ፍጥነትሽ እንዳይመስልሽ። እዚያ ውስጥ የተደበቀ ሁለተኛ ሐሳብ አለ፤ ፈልጊውና አውጪው። ለክተሽ ስትጨርሺ ደግሞ Use Timings የሚለውን ምልክት አንሺ። ከረሳሽው ዝግጅቱ ቀን ስላይዱ አንቺ ሳትነኪው በራሱ ይቀየራል፣ ያኔ ድንጋጤው ሌላ ነው።

ለቀኑ አንድ ወረቀት ይበቃሻል። ሰላምታውን ጨርሰሽ ወደ ርዕሱ ስትገቢ ሰዓት ቆጣሪሽን አስጀምሪ። ሁለተኛውን ግራፍ ስትጨርሺ 6 ደቂቃ መሆን አለበት። 7 ካለፈ ስለ ክዳን የሚናገረውን ስላይድ ዝለዪው፤ «ሰዎች የማይከድኑበትን ምክንያት በጥያቄ ሰዓት እነግራችኋለሁ» ብለሽ እለፊ። ይህን ውሳኔ ቤት ሆነሽ ወስኚው። መድረክ ላይ ቆሞ የቱን ልዝለል ብሎ ማሰብ ራሱ ግማሽ ደቂቃ ይበላል፣ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ምክረ ሐሳብ ይሆናል።

ሌላም ነገር ይኖራል። ስብሰባ ዘግይቶ ይጀመራል፣ ተራሽ ከምሳ በኋላ ከሆነ ደግሞ በድሬ ሙቀት አዳራሹ ይዳከማል፣ መሪውም «በ10 ደቂቃ ጨርሺልን» ሊልሽ ይችላል። ለዚህም የሚወጡትን ከአሁኑ ለይተሽ ያዢ፦ የብሬቶው ግራፍ፣ የክዳኑ ስላይድ፣ የበርሜሉ ፎቶና ከሦስቱ የዘዴ ፎቶዎች ሁለቱ። 260 ሰከንድ ይቀንሳል፣ 460 ይቀራል። ሰላምታውና መግቢያው ተደምሮ ከዘጠኝ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። በፍጥነት መናገር ሳያስፈልግሽ 10ሩ ውስጥ ትገቢያለሽ።

የጣልሻቸውን አታጥፊያቸው። ሁሉንም ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ ደርድሪና Hide Slide አድርጊያቸው፤ ስታሳዪ አይወጡም። ቁጥራቸውን ወረቀትሽ ላይ ጻፊ። ለምሳሌ ሠንጠረዡ 19ኛ ቢሆንና አንዱ «በየቀበሌው ያለው ጎማ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅሽ፣ 19 ጽፈሽ Enter ስትጫኚ በቀጥታ ይከፈታል። ቤት ስትለማመጂም ይህንን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሪው።